የቤቶች ዝርዝር ማጽዳት፦ የተደጋገመ አድራሻ፣ የተዘበራረቀ የዩኒት ስም፣ የጎደለ ቀን (ባሕር ዳር)

ዓባይ ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። የሚከራዩ ቤቶች ዝርዝር ነው፤ ሦስት ሰዎች ለየብቻ መዝግበውት አሁን አንድ ጎግል ሺት ላይ ተጠራቅሟል። 1,140 ረድፍ አለው። ሁሉም ባሕር ዳር ውስጥ ናቸው፤ ከፊሉ ኮንዶሚኒየም፣ ከፊሉ የቤት ቁጥር ያለው ግቢ። አንዱ ቤት ሁለት ሦስት ጊዜ እንደገባ እርግጠኛ ነኝ። የዩኒቱ ስም እንደ ጻፊው ይለያያል። የውል ቀኑ ብዙ ቦታ ባዶ ነው፤ ከተሞላውም አንዳንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዳንዱ ወደ ግራ ተጠግቶ ይታያል። ናሙናው ይኸው፦

```
12  | በላይ ዘለቀ ክ/ከተማ    | ብሎክ 7 ቤት ቁ. 12 | 15/12/2011
388 | በላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ  | ብ7-012          | 5/12/2011
745 | በላይ ዘለቀ           | 7/12            |
801 | ጊሽ ዓባይ            | የቤት ቁጥር አዲስ    | 22/3/2012
802 | ግሽ አባይ            | አዲስ            |
```

ከየት ልጀምር?

ፈጣኑ

ይሄ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። Data ውስጥ ገብተሽ Data cleanup፣ ከዚያ Remove duplicates። ባዶ ቀኖቹን ደግሞ ከላይኛው ሴል ይዘሽ ወደ ታች ጎትቺ። አለቀ።

ዳሞት

ዩኒት ስትዪ ካሬ ሜትር ነው ወይስ ካሬ ብቻ? የእኛም ዝርዝር ላይ «200 ካሬ»፣ «200 ሜ2»፣ «200 ካ.ሜ» ተቀላቅሎ አስቸግሯል። ከገጠር የመጣ ካለበት ደግሞ በጥማድ የተጻፈም ይገኝበታል። ቁጥሩን በአንድ ኮለም፣ መለኪያውን በሌላ ኮለም ለያይው። ጥማድን ግን በአንድ ቁጥር አባዝተሽ ወደ ካሬ እንዳትቀይሪው፤ ጥማድ በበሬ ጉልበት የተለካ ነው፣ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ዓባይ ማዶ

አመሰግናለሁ ዳሞት፣ ግን ዩኒት ያልኩት የቤቱን መጠሪያ ነው፤ ብሎክና ቤት ቁጥሩን። ስፋት የሚባል ኮለም ጭራሽ የለኝም።

@ፈጣኑ Remove duplicates ሞከርኩት። ከ1,140 ውስጥ 9 ብቻ አገኘ።

የሠንጠረዥ ሰው

ዘጠኝ ማግኘቱ አይገርምም። ያ ትእዛዝ ፊደል በፊደል አንድ የሆነውን ብቻ ነው የሚያየው፤ ለእሱ ረድፍ 12 እና ረድፍ 388 ፈጽሞ የማይተዋወቁ ቤቶች ናቸው። ሁሉንም ኮለም መርጠሽ ከሆነ ደግሞ ቀኑም አንድ መሆን አለበት። ቢያገኝ ኖሮ ይብስ ነበር፤ የመጀመሪያውን ረድፍ ያስቀርና ሌላውን ይሰርዛል። ስልኩ ወይም የውል ቀኑ ያለው በሁለተኛው ረድፍ ላይ ከነበረ አብሮ ይሄዳል፣ ምን እንደሄደም አይነግርሽም። Ctrl+Z አድርገሽ ዘጠኙን መልሻቸው።

ከሁሉ በፊት የመጣውን ሺት እንዳለ ቅጂው፤ ስሙን raw በዪውና ማንም እንዳይነካው ቆልፊው። ስሙን work ባልሽው የሥራ ሺት ላይ ደግሞ መጀመሪያው ኮለም ከ1 እስከ 1140 ቋሚ ተራ ቁጥር ይኑረው። በፎርሙላ ሳይሆን እንደ ቁጥር የተጻፈ ይሁን፤ ካልሆነ ስትደረድሪው አብሮ ይቀያየራል።

ከዚያ ሥራው አንድ ነው፦ ለእያንዳንዱ ቤት ቁልፍ መሥራት። ቁልፍ የምለው ቤቱን በአንድ መልክ ብቻ የሚጠራ ኮለም ነው። አድራሻው ለሰው ዓይን እንዳለ ይቆያል፤ ኮምፒውተሩ የሚያወዳድረው ቁልፉን ነው። ያንቺ ቁልፍ ሦስት ቁራጭ ያስፈልገዋል፦ ክፍለ ከተማ፣ ብሎክ፣ ቤት ቁጥር።

ክፍለ ከተማው ቀላሉ ነው። ባዶ ሺት ላይ ይህን ጻፊ፦

```
=SORT(UNIQUE(work!B2:B1141))
```

ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳለ ፊት ለፊትሽ ይዘረግፈዋል። ባሕር ዳር ያሉት ክፍለ ከተሞች የጣት ቁጥር ናቸው፤ አጻጻፋቸው ግን አርባ ሊደርስ ይችላል። ዝርዝሩን እንደ ተራ ጽሑፍ ገልብጠሽ አጠገቡ ትክክለኛውን ስም በእጅሽ ጻፊና በ`VLOOKUP` (የመጨረሻው `FALSE`) `F` ላይ ጥሪው። ይሄ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከማንኛውም ረቂቅ ፎርሙላ ይበልጥ አምነዋለሁ።

ፊደል ቆጣሪ

ከላይ ባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ግማሹ ልዩነት የሚመጣው ከሞክሼ ፊደላት ነው፤ አፄ፣ አጼ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ። ለዓይናችን አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት። የመንደርና የሰፈር ስም ያለበት ኮለም ከሆነ በእጅ አይቻልም፤ አጻጻፉ በመቶ ይቆጠራል። እኔ fidel የሚባል ትንሽ ሺት እሠራለሁ፦ በ`A` የሚቀየረው ፊደል፣ በ`B` የሚተካው። የሠ፣ የሐ፣ የኀ፣ የዐ እና የፀ ሰባት ሰባት፣ ማለትም 35፤ በላዩ ላይ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ። በድምሩ 37 ረድፍ ነው። ሓን እና ኃን ወደ ሀ፣ ዓን ወደ አ መውሰድ እንዳትረሺ፤ ብዙ ሰው ራብዑን ወደ ሃ ይልከውና እንደገና ሁለት ዓይነት ይሆንበታል።

```
=REDUCE(TRIM(B2),SEQUENCE(37),LAMBDA(t,i,
 SUBSTITUTE(t,INDEX(fidel!$A$2:$A$38,i),INDEX(fidel!$B$2:$B$38,i))))
```

ጎግል ሺት ላይ ይሠራል፤ ኤክሴል ከሆነ 365 ወይም 2024 ያስፈልጋል።

ውጤቱን ለቁልፍ ብቻ ተጠቀሚበት። በዋናው ኮለም ላይ ካስቀመጥሽው የሰው ስም ሁሉ ይበላሻል፤ ኃይሌ «ሀይሌ» ሆኖ ውል ላይ ይወጣል። ደግሞ ይሄ ሞክሼን እንጂ የአናባቢ ልዩነትን አያነሣም። ጊሽ ዓባይ ወደ «ጊሽ አባይ» ይመጣል፤ «ግሽ አባይ» ግን እዚያው ሌላ ሆኖ ይቀራል። ምኒልክ፣ ሚኒሊክ፣ ምንሊክም እንዲሁ። ለእነዚህ የሠንጠረዥ ሰው ያለው የእጅ ዝርዝር ነው መድኃኒቱ።

ሌላም አለ፤ ከቴሌግራም ወይም ከድረ ገጽ ተገልብጦ የመጣ ጽሑፍ ውስጥ የማይታይ ክፍተት ይኖራል። `TRIM` እሱን አይነካውም። ሁለት ሴሎች አንድ መስለው አንድ አይደሉም ከተባልሽ `=LEN(B2)` በሁለቱም ላይ ሞክሪ፤ ቁጥሩ ከተለያየ እሱ ነው። `SUBSTITUTE(B2,UNICHAR(160)," ")` ከ`TRIM` በፊት ይግባ።

የሠንጠረዥ ሰው

ትክክል። አሁን ወደ ዩኒቱ እንሂድ፤ ዋናው ጣጣ እዚህ ነው።

ረድፍ 745 ላይ ያለውን «7/12» ሴሉን ተጫኝና ከላይ ባለው ጽሑፍ መስመር ላይ እዪው። 7/12 ብሎ ዓመት ከጨመረበት ብሎክ 7 ቤት 12 ቀን ሆኗል ማለት ነው፤ ዓመቱ የተመዘገበበት ዓመት ነው። ኤክሴል ላይ የተጻፈ ቢሆን «12-Jul» ብሎ በግልጽ ያሳይሽ ነበር፣ ሺት ግን ሸፋፍኖ ያስቀምጠዋል። ከእነዚህ ስንት እንዳሉሽ ለማወቅ፦

```
=ISNUMBER(C2)
```

ብለሽ `TRUE` የወጡትን አጣሪ። አንድ ጥንቃቄ አለው፤ ብቻውን የተጻፈ 12ም `TRUE` ይላል። ትልቅ ቁጥር፣ ከ40000 በላይ፣ ከሆነ ግን ቀን የነበረ ነው፤ ቤት ቁጥራችሁ እዚያ አይደርስም ብዬ ነው። ሺቱ በአሜሪካ አቀማመጥ (File፣ Settings፣ Locale) ከሆነ ብሎኩ `=MONTH(C2)`፣ ቤት ቁጥሩ `=DAY(C2)` ነው። ብሎኩ ከ12 የበለጠ ቤት፣ ለምሳሌ 14/12፣ በዚህ አቀማመጥ ወደ ቀን አይቀየርም፤ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የሚጎዳው ትንንሽ ብሎክ ቁጥር ያለው ነው።

በጽሑፍ የቀሩትን እንዲህ ታወጫለሽ፦ የመጀመሪያው ቁጥር ብሎክ ነው፣ `G` ላይ፤ ሁለተኛው ቤት ነው፣ `H` ላይ።

```
=VALUE(REGEXEXTRACT(C2,"\d+"))
=VALUE(REGEXEXTRACT(C2,"\d+\D+(\d+)"))
```

`VALUE` ማድረጉ 012ን እና 12ን አንድ ያደርጋል። «ብሎክ 7 ቤት ቁ. 12» እና «ብ7-012» ሁለቱም 7 እና 12 ይሰጡሻል። ቁልፉን ስታያይዢ በመሃል ምልክት አስገቢ፦

```
=F2&"|"&G2&"|"&H2
```

ያለ ምልክት ከተያያዘ ብሎክ 1 ቤት 112 እና ብሎክ 11 ቤት 12 ሁለቱም 1112 ሆነው አንድ ቤት ይመስላሉ።

ቁልፉ `K` ላይ ካለ `=COUNTIF(K:K,K2)` ከ1 በላይ የሚሰጠውን አጣሪና በቁልፉ ደርድሪ። እስካሁን ምንም አልተሰረዘም።

ፈጣኑ

እሺ፣ ተቀብያለሁ 😄 ግን ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላስ Remove duplicates በ`K` ላይ ብቻ ቢደረግ ምን ችግር አለው?

አጥር ግቢ

ችግሩ «አዲስ» ነው። ረድፍ 801 እና 802ን እዩ። ገና ቁጥር ያልተሰጠው ቤት ሁሉ መታወቂያም ላይ ሆነ ውል ላይ «የቤት ቁጥር አዲስ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። አንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሃምሳ «አዲስ» ሊኖር ይችላል፤ ሃምሳውም የተለያዩ ቤቶች። በቁልፍ ብትሰርዙ ሃምሳው አንድ ይሆናል። እንግዲህ «አዲስ» ያለበት ረድፍ ቁልፉ ውስጥ የራሱ ተራ ቁጥር ይግባበት፤ ያን ጊዜ ከማንም ጋር አይገጥምም።

```
=IF(REGEXMATCH(C2&"","አዲስ"),"አዲስ-"&A2,F2&"|"&G2&"|"&H2)
```

`A2` ያ ቋሚ ተራ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ `ROW()` የሚጠቀም አይቻለሁ፤ ሺቱን እንደደረደሩት ቁልፉ ሁሉ ይለወጣል። ሰፈሩ «አዲስ» የሚል ስም ካለውና እዚያው ሴል ውስጥ ከተጻፈ ደግሞ ፎርሙላው ይሳሳታል፤ `REGEXMATCH` ውስጥ `አዲስ$` ብትዪ መጨረሻ ላይ ያለውን ብቻ ይይዛል።

ሁለተኛው ነገር የተከፈለ ግቢ ነው። 214፣ 214/ሀ እና 214/ለ የአንድ ግቢ ሦስት በሮች ናቸው፤ ቁጥሩን ብቻ ካወጣችሁ ሦስቱም 214 ይሆናሉ። ለግቢ ቤቶች ፊደሉን በሌላ ኮለም አውጡና ቁልፉ ውስጥ አስገቡት። ብሎክ ለሌለው ደግሞ በብሎኩ ቦታ «ግ»፣ በቤቱ ቦታ ቁጥሩን ጻፉ፤ የላይኛው የሁለት ቁጥር ፎርሙላ እዚያ `#N/A` ነው የሚሰጠው።

ዓባይ ማዶ

ወይ ጉድ፣ «አዲስ» 61 አለኝ። አጣርቼ አየሁት።

ቁልፉን ሠርቼ ድግግሞሹ 173 ረድፍ ወጣ፤ 12፣ 388 እና 745 አሁን አንድ ላይ ቆመዋል። ግን 12 ላይ ቀኑ 15/12/2011፣ 388 ላይ 5/12/2011፣ 745 ላይ ባዶ። የትኛውን ልያዝ?

የሠንጠረዥ ሰው

መጀመሪያ ሁለቱ ቀኖች ምን እንደሆኑ እንወቅ፤ 15/12/2011 ወደ ግራ፣ 5/12/2011 ወደ ቀኝ ተጠግተው ነው የሚታዩሽ፣ አይደል? ጻፊው በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 15 እና ነሐሴ 5 ማለቱ ነው። ሺቱ ግን በአሜሪካ አቀማመጥ መጀመሪያውን ወር አድርጎ ያነባል። 15 የሚባል ወር ስለሌለ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አድርጎ ተወው። 5/12ን ደግሞ ሜይ 12 ቀን 2011 በፈረንጅ ብሎ ወሰደው። ስለዚህ ወደ ግራ የተጠጉት እውነተኞቹ ናቸው፤ ወደ ቀኝ የሄዱት ቀንና ወራቸው ተገላብጧል። ጳጉሜን እንኳ አይምርም፤ 5/13/2011 ሜይ 13 ይሆናል።

Locale ብትቀይሪ የተለወጠው አይመለስም፤ ለወደፊቱ ብቻ ነው። ቀንን፣ ወርን፣ ዓመትን በሦስት ኮለም አውጪ (ቀኑ `D` ላይ ነው ብለን)፦

```
ቀን   =IF(ISNUMBER(D2),MONTH(D2),INDEX(SPLIT(D2,"/"),1,1))
ወር   =IF(ISNUMBER(D2),DAY(D2),INDEX(SPLIT(D2,"/"),1,2))
ዓመት =IF(ISNUMBER(D2),YEAR(D2),INDEX(SPLIT(D2,"/"),1,3))
```

የመጀመሪያው `MONTH`፣ ሁለተኛው `DAY` መሆኑ ስሕተት አይደለም፤ የተገላበጠውን መልሶ መገልበጥ ነው። ቀኑ `L`፣ ወሩ `M`፣ ዓመቱ `N` ላይ ከሆነ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሚወስደው ይህ ነው፦

```
=365*N2+INT(N2/4)+30*M2+L2-691194
```

ሴሉን በቀን መልክ አሳዪው። ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ 1/1/2011 አስገቢ፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2018 መውጣት አለበት። 1/1/2012 ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019፤ ጳጉሜን 2011 ስድስት ቀን ስለነበራት ነው አንድ ቀን የሚገፋው። ያንቺ ሁለት ቀኖች ኦገስት 21 እና ኦገስት 11 ቀን 2019 ይሆናሉ።

የትኛውን ልያዝ ላልሽው፦ የአሥር ቀን ልዩነት ነው፣ «1» አንድ ቦታ ተረስታ ወይም ተጨምራ ይሆናል። ሺቱ ውስጥ ሆኖ ይህን መፍረድ አይቻልም። ሁለቱንም ያዥና አጠገቡ «ይጣራ» የሚል ምልክት አድርጊ፤ ውሉን ያየ ሰው ይወስን። ባዶው 745 ግን ከሁለቱ ጋር ይዋሐድ፤ የራሱ መረጃ የለውም።

ጠያቂ ነኝ

ይቅርታ፣ ዓመቱ የእኛ መሆኑ በምን ታወቀ? ሦስት ሰው ከመዘገበው አንዱ በፈረንጅ ሊጽፍ ይችላል። 2015 የሚለው የእኛም የእነሱም ሊሆን ይችላል እኮ።

የሠንጠረዥ ሰው

ልክ ነሽ፤ ይህ ክፍት ነው። ከፊሉን መለየት ይቻላል፦ ወሩ 13 ከሆነ የእኛ ነው። ዓመቱ ዛሬ እኛ ካለንበት ዓመት ከበለጠ የፈረንጅ ነው። የመዘገበው ሰው ስም የሚል ኮለም ካለ ደግሞ በሰው ለዩት፤ አንድ ሰው ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ ነው የሚጽፈው። የተረፈው ግን ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ስሕተቱም ሰባት ስምንት ዓመት ነው፣ ቀላል አይደለም። እኔ «አቆጣጠር» የሚል ኮለም ጨምሬ «ኢ»፣ «ፈ» ወይም «?» እጽፋለሁ።

ፈጣኑ

ባዶዎቹንስ? ወደ ታች መጎተት ስሕተት ነው ያለኝ የለም እስካሁን።

አጥር ግቢ

አንዳንዴ ትክክል ነው። መጀመሪያ የተመዘገበው ኤክሴል ላይ ሆኖ የአንድ ቀን ውሎች በአንድ የተዋሐደ ሴል ሥር ከነበሩ፣ ሴሉ ሲፈታ ቀኑ በላይኛው ረድፍ ላይ ብቻ ይቀራል፤ ከሥሩ ያሉት ባዶ ይሆናሉ። እዚያ ጎትት፤ ሺቱን ሳትደረድር ግን። ምልክቱ በተከታታይ ቀኑ ያለው አንድ፣ ከዚያ ባዶ ባዶ ባዶ፣ ከዚያ እንደገና ቀን ያለው፣ እና ሁሉም በአንድ ሰው የተመዘገበ መሆኑ ነው። ባዶው እዚህም እዚያም ተበታትኖ ከሆነ ግን ስትጎትት የጎረቤቱን ውል ቀን ለዚህ ቤት እየሰጠህ ነው፤ ኋላ ማንም አያውቀውም።

ደረሰኝ ቁጥር ካላቸው የተሻለ መንገድ አለ። ደረሰኝ 412 ነሐሴ 5፣ 418 ነሐሴ 9 ከሆነ በመካከል ያሉት በእነዚያ ቀኖች ውስጥ ናቸው፤ ደረሰኙ ከአንድ ጥራዝ ከተቆረጠ። ይህንንም በሁለት ኮለም ጻፉት፣ «ከ» እና «እስከ»። መካከለኛውን ወስዶ ነሐሴ 7 ብሎ መሙላት የፈጠራ ቀን ነው። 1/1/2000 ብለው የሚሞሉም አሉ፤ ያ ከባዶ የከፋ ነው፤ ሲደረደር ከላይ ተሰልፎ የቆየ ውል ይመስላል።

አዋሳኝ

ለከተማው ገባኝ። እኛ ግን የምንሠራው ማቻክል በኩል ያለ የገጠር መሬት ነው፤ ቤት ቁጥር የለ፣ ብሎክ የለ። ያለው የባለይዞታው ስም፣ ጎጡ እና በአራት ማዕዘን ያሉት አዋሳኞች ናቸው። ቁልፉ ከምን ይሠራል?

ፊደል ቆጣሪ

ደብተሩ ላይ የማሳ መለያ ቁጥር ካለ እሱን፤ ከሌለ ስም፣ የአባት ስም እና ጎጥ ተያይዞ በሞክሼው ፎርሙላ ይለፍ። አዋሳኝን ቁልፍ ውስጥ አታስገቡ፤ አዋሳኙ ሲሞት ወይም ሲያወርስ ስሙ ይቀየራል፣ ማሳው ግን ያው ነው። ለማወዳደሪያ ግን ጥሩ ነው፦ ሁለት ረድፍ ቁልፋቸው ገጥሞ ከአራቱ አዋሳኝ ሦስቱ ከገጠሙ አንድ ማሳ ነው እላለሁ።

አዋሳኝ

ወንዝ ወይም መንገድ አዋሳኝ የሆነበትስ? በዚህ መሬት ላይ ግማሹ «በምሥራቅ ወንዝ» ነው የሚለው።

ፊደል ቆጣሪ

እሱን አትቁጠረው፤ የሚቀሩት ሁለት ብቻ ከሆኑ እኔም አልፈርድበትም።

ዓባይ ማዶ

ለጊዜው እዚህ ደርሻለሁ፦ 173ቱ ረድፍ 81 ቤት ሆነው ወጡ። «ይጣራ» ያልኩት 34 ነው፣ አቆጣጠሩ «?» የሆነ 19። ደረሰኝ ቁጥር ያለው የአንዱ መዝጋቢ ብቻ ነው፤ የሌሎቹን ባዶ እንደ ባዶ ትቼዋለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ቀበሌ 14 ብቻ የሚልና ክፍለ ከተማ የሌለው 27 ረድፍ አለ፤ ከድሮ ወረቀት የመጣ ይመስለኛል። የትኛው ክፍለ ከተማ ውስጥ ልክተተው?

አጥር ግቢ

ከማስታወስ አትክተቺው። የድሮ ቀበሌዎች አከላለል ተቀይሯል፣ አንዱ ቀበሌ ለሁለት የተከፈለበትም አለ። በ`F` ላይ «ቀበሌ 14 የቀድሞ» ብለሽ እንደ ተጨማሪ ስም ያዢውና ቁልፉ ከሌሎቹ ጋር እንዳይገጥም ተዪው። ከ27ቱ ውስጥ ስልክ ያለው ካለ ከሌሎቹ ረድፎች ስልክ ጋር አስተያዪው፤ ከገጠመ ቤቱን አገኘሽ።

ዓባይ ማዶ

11ዱ ስልክ አለው። ከነዚህም ሦስቱ 0 ሳይኖረው በ9 የሚጀምር፣ አንዱ በ+251። መጀመሪያ እሱን ላስተካክል።